የመርሐቤቴው ሰው ቦት ጫማ

ወንዳፈራሁ ብቻውን ደጅ ከረገጠ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የሚኖረው ኤድመንተን በሚባል የካናዳ ከተማ፣ ከሰው ቤት ሥር ባለች ምድር ቤት ነው። መስኮቷ ከመሬት እኩል ስለሆነች በረዶ ሲከመር ግማሿ ይሸፈናል። በቀረችው ግማሽ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ፊት የለም፣ ሰላምታ የለም፤ ጫማ ይመጣል፣ ጫማ ይሄዳል። ሚስቱ አያልነሽ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ሳይነጋ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። እሱ ዳዊቱን ይደግማል፣ ሻይ ያፈላል፣ ጫማ ያያል።

ብርድ የሚያስፈራው ሰው አልነበረም። ተወልዶ ያደገው መንዝ፣ ዘመሮ ነው፤ እንጀራው ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ መሸመን ነበር። ውርጭ ሣሩን ሲያነጣው እያየ የኖረ ሰው፣ የካናዳን ብርድ ሲያወሩለት በሆዱ ይስቅ ነበር። ገና እንደመጣ ልክክ የሚል ቦት ጫማ ገዛ። እህቱ አበዛሽ ደግሞ ከመሐል ሜዳ፣ በገዛ እጇ ከፈተለችው የበግ ጠጉር የተሠራ ሦስት ጥንድ ወፍራም ካልሲ በሰው ላከችለት፤ ድምጿንም በስልክ አስከትላ።

«ወንድምዬ፣ ሦስቱንም ደራርበህ አጥልቅ! መንዝ ያላሸነፈህ ብርድ እዚያ ምን አባቱ ያመጣል!»

ሦስቱንም ደረበ። እግሩን እንደ ምንም ጫማው ውስጥ ጠቀጠቀና ማሰሪያውን ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው፤ የጠበቀ ነገር ብርድ አያስገባም ብሎ። አውቶቡስ ሲጠብቅ ጣቶቹ መጀመሪያ ቆረጠሙት፣ ከዚያ ተዉት። ሕመሙ ሲጠፋ «ተመስገን፣ ሞቀኝ» አለ። ቤት ገብቶ ሲያወልቅ ግን ጣቶቹ እንደ ጧፍ ነጥተዋል። እግሩን ወደ ማሞቂያው ሲዘረጋ አያልነሽ ጮኸች።

«ራቅ! የማይሰማህን እግር ልታሳርረው ነው? እንዳታሸውም!»

ለብ ያለ ውኃ አቅርባ እግሩን ነከረችለት። ደሙ ሲመለስ የተሰማው ሕመም እንባ አስወጣው። ሐኪሙም «አሁን ተርፈሃል፤ ከደገመህ ግን ለጣቶችህ እሰጋለሁ» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአያልነሽ ቃል አንድ ሆነ፦ ያለ እኔ ደጅ አትወጣም። አልፈረደባትም። ግን ግድግዳው በየቀኑ አንድ ጣት ወደ እሱ የሚጠጋ ይመስለው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የጨነቀው ስለቱ ነው። ወደ ሚስቱ የሚመጣበት ቪዛ ዓመታት ሲጓተትበት፣ ዘመሮ ሳለ እመቤታችንን «ከሚስቴ ካገናኘሽኝ፣ በዚያ አገር ባለው ደጅሽ፣ የካቲት ኪዳነ ምሕረት በእግሬ መጥቼ እሳለምሻለሁ» ብሏት ነበር። እመቤታችንም ልመናውን ሰማች። በዓሉ ዘንድሮ እሑድ ውሏል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ስለሆነ መጀመሪያ አውቶቡስ ይያዛል፤ ስለቱ የሚፈጸመው ከዚያ በኋላ ባለው ረጅም የእግር መንገድ ነው። እሱ ግን፣ አያልነሽ እሑድ ሥራ ስላላት፣ ምድር ቤት ተዘግቶበታል።

በዋዜማው ቅዳሜ፣ አያልነሽ ዕረፍት ሆና ቤት በዋለችበት፣ መኳንንት የሚባል የመርሐቤቴ ሰው ሊጠይቀው መጣ። በዕድሜ ይበልጠዋል፤ በዚህም ከተማ ሲኖር ብዙ ክረምት አይቷል። ከበር ሳይገባ ጀመረው።

«የመንዙ ጀግና ይኼ ነው? ምድር ቤት የተከተተ ድንች መስሎ!»

«ይግቡ፣ ጋሼ። ደግሞ እርስዎ ብርድ የት ያውቁና? የመርሐቤቴ ሰው በታኅሣሥም ላቡን ይጠርጋል።»

«ለዚህ እኮ ነው የተማርኩት! እኔ ቆለኛው ፈርቼ ጠየቅሁ። አንተ ደገኛው ንቀህ ታሰርክ።»

አያልነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። መኳንንት ከያዘው ከረጢት አንድ አሮጌ ትልቅ ቦት ጫማ አወጣ። ሶሉ ወፍራም ነው፤ ውስጡ ደግሞ ከወፍራም ሱፍ የተሠራ፣ ተስቦ የሚወጣ ሌላ ጫማ አለው።

«የኔ ነበር። ካንተ እግር በአንድ ቁጥር ይበልጣል። እስቲ እነዚያን ካልሲዎች አምጣ።»

ወንዳፈራሁ ሦስቱንም አቀረበ። መኳንንት አንዱን ጥንድ ብቻ ወሰደና ከኪሱ ስስ ካልሲ ጨመረበት።

«ስሱ ከውስጥ፤ ላቡን ከቆዳህ ያርቅልሃል። የእህትህ ከላይ። በቃ። ጥጥ እንዳታደርግ፤ ላብ ጠጥቶ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ እርጥብ እግር ደግሞ ይበርዳል።»

ወንዳፈራሁ አጠለቀና ፊቱን አጨማደደ። «ሰፊ ነው፣ ጋሼ። ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ። ብርድ ይገባበታል።»

«ይንቀሳቀሱ እንጂ! ሦስቱን ስትጠቀጥቅ ሱፉንም ደምህንም አነቅኻቸው። አንተ ሸማኔ፣ የሚያሞቅህ ከላይ የደረብኸው ባና ነው ወይስ ከጎንህ ሥር የተጨፈለቀው?»

ወንዳፈራሁ የተረፉትን ካልሲዎች በእጁ ጨበጥ ለቀቅ አደረጋቸው። ጠጉር በተባዘተ ጊዜ እጁን ሲከትበት እንዴት ወዲያው ይሞቀው እንደነበር ትዝ አለው። ያው ጠጉር በማዳበሪያ ተረግጦ ሲታሰር ግን እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር። ሙቀቱን የያዘው በጠጉሩ መካከል የተኛው አየር ኖሯል። ስንት ዘመን በእጁ ይዞት፣ ለእግሩ ሲሆን ጠፋው።

«ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚትህ ጋ ያዝ አድርገው፣ ተረከዝህ እንዳይንሸራተት። ጣቶችህ ጋ ላላ» አለ መኳንንት። «ማታ ማታ የውስጡን አውጥተህ አድርቅ። ቆመህ ስትጠብቅ ደግሞ እንደ ሐውልት አትገተር፤ ጫማ ብቻውን አያድንህም።»

አያልነሽ ባሏን ለጥቂት ጊዜ ቤት ውስጥ አዟዟረችው። ከዚያ አስወለቀችውና የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጫነችው፤ ነጣ። ስትለቀው ወዲያው ቀላ።

«ደሙ ይመለሳል» አለች ቀስ ብላ። «ከደነዘዘህ ግን ያገኘኸው ቤት ትገባለህ። ስለት ነው ብለህ እንዳትታበይብኝ፣ ወንዴ።»

«ቃሌ ነው።»

እሑድ አያልነሽ ሥራ ገባች፤ እሱም ነጠላውን ከካፖርቱ በታች አጣፍቶ ወጣ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ነበር። የአፍንጫው ጠጉር እንኳ ደረቀ። ፌርማታው ላይ ቆመ፤ አውቶቡሱ ግን ዘገየ። መንገዱ ነጭ፣ ባዶ፣ ዝም ያለ ነው። ደጅ ወጥቶም ያው ምድር ቤት ውስጥ እንዳለ ተሰማው፤ ወደፊትም ወደ ኋላም መሄድ አቃተው። የግራ ጣቶቹ ቀዝቀዝ ሲሉት ልቡ ደነገጠ። ሳያስበው ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ያዘ፤ ሊያጠብቀው። እጁ እንደዚያ ነበር የለመደው።

ጎንበስ እንዳለ ቆመ። «እመቤቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለና ማጥበቁን ትቶ ጭራሽ ጣቶቹ ጋ ጥቂት አላላው። ከዚያ ወዲያና ወዲህ መራመድ ያዘ፣ ጣቶቹን ውስጥ ለውስጥ እያፍተለተለ፣ «አባታችን ሆይ» እያለ። ቆይቶ ወደ ግራ እግሩ ጫፍ ደሙ ሾለከ፤ መጀመሪያ ጠዘጠዘው፣ ቀጥሎ ለብ አለ። ሕመም ጠፍቶ የሚመጣ ሙቀት አልነበረም፤ እያንዳንዱን ጣቱን ለይቶ ያውቀዋል። አውቶቡሱ ብቅ ሲል እየሳቀ ነበር የተሳፈረው።

ከአውቶቡሱ ወርዶ የቀረውን መንገድ በእግሩ ጨረሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የምእመኑ ቦት ጫማ ተከምሯል። ወንዳፈራሁ የራሱን አወለቀ፤ ካልሲውንም ጭምር። ምንጣፉን በባዶ እግሩ ሲረግጥ ሁሉም ጣቶቹ ተሰሙት። መቅደሱ ፊት ወድቆ ሰገደ። የሚለውን ቃል አዘጋጅቶ ነበር፤ ግን «መጣሁ» ከማለት በቀር አልወጣለትም።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ መኳንንት የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ ጠበቀው።

«ስለትህን ፈጽመሃል። ና ግባ፣ ላድርስህ፤ ለመልሱ አልተሳልክም።»

«ይሂዱ፣ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ትንሽ ልራመድ።»

«ይኼ መንዜ ጠገበ!»

ወንዳፈራሁ ጣቶቹ ጋ ላላ አድርጎ አሠረና ወደ ፌርማታው አቀና። በረዶው ከእግሩ ሥር ጨው የሚረገጥ ያህል ይንኮሻኮሻል። ፌርማታው ዘንድ ሲደርስ አውቶቡሱን አልጠበቀም፤ እስከሚቀጥለው ፌርማታ ድረስ በእግሩ ሄደ።