መቶ አራት በመቶ

የኬሚስትሪ መምህርቷን ተማሪዎቿ «ሬት» ይሏታል። ዕድሜዋን የፈጀችው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ እንደ ጉረኛ ውጤት የሚያንገሸግሻት ነገር የለም።

ዛሬም አንዱ ቀብራራ ደረቱን ነፍቶ መጣ። «መምህር፣ በስሌቱ ቢበዛ 2.6 ግራም አስፕሪን ነበር የሚወጣው። እኔ 2.7 አገኘሁ፤ መቶ አራት በመቶ!»

ሬት የማጣሪያ ወረቀቱን አንስታ አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። ነጭ ዱቄት ተለጥፎበታል።

«ይሄስ የማን ነው? የጎረቤት? ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የፈሰሰውስ? ጭራሽ ወደ አስፕሪን ሳይለወጥ የቀረውስ? ይሄ ሁሉ ጎድሎ አንተ ዘንድ ሞልቶ ተረፈ?»

2.7 ያለውን ዱቄት በማድረቂያው አድርቃ መልሳ መዘነችው፤ 1.95 ግራም።

«ለ2.6 ስናካፍለው ሰባ አምስት በመቶ። ይሄ ደህና ሥራ ነበር። የቀረው ውሃ ነው፤ ለውሃማ ቧንቧ አለኝ።»