ለማሽኑ የጻፍኳቸው ቃላት

አክስቴ ያንን ምስል ያየችው በምትሠራበት ድርጅት ቢሮ ግድግዳ ላይ ነው። የሠራሁት እኔ መሆኔን ግን አታውቅም ነበር።

በስደት በምንኖርበት አገር፣ ደንዉዲ በምትባል ከተማ ባለ አንድ ትንሽ የማስታወቂያ ድርጅት እሠራለሁ። ድሮ ፎቶ አንሺ እንቀጥር ነበር፤ አሁን ፕሮምፕት እንጽፋለን፤ የምንፈልገውን በቃላት ስንገልጽለት ማሽኑ ምስሉን ይሠራል። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚንከባከበው የአክስቴ መሥሪያ ቤት ደንበኛችን ሆነ። አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ሴቶች ናቸው። አክስቴም እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ በዚሁ ሥራ ነው።

መጀመሪያ «አረጋዊ የምትንከባከብ ሴት» ብዬ ጻፍኩ። አራት ምስል መጣ፤ አራቱም ነጭ ሴቶች። ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ቸኮልኩና «አፍሪካዊት ስደተኛ፣ ድሃ ግን ደስተኛ፣ ትሑት፣ አመስጋኝ፣ ደማቅ የባህል ልብስ የለበሰች» ብዬ ጨመርኩበት። ማሽኑ ያዘዝኩትን አልነፈገኝም። የየት አገር እንደሆነ የማይታወቅ ሻሽ ያሰረች ሴት፣ በባዶ እግሯ ተንበርክካ የአንድ ነጭ ሽማግሌ እግር ታጥባለች። ቀና ብላ ስታየው ጥርሷ በሙሉ ይታያል። አለቃዬ ወደደው፤ ደንበኛውም አጸደቀው። እኔም፣ ኢትዮጵያዊቷ፣ ጥቁር ሴት ስላስገባሁ ብቻ ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አክስቴ በአቅራቢያችን ባለችው ስማይርና ከተማ ወዳለው ቤቷ ጠራችኝ። ምስሉን በስልኳ አንስታው ነበር። የአንዲት ታካሚዋ ልጅ ያው ምስል የታተመበትን የድርጅቱን በራሪ ወረቀት አይታ፣ ለምን እንደ ሥዕሏ ሴትዮ ያንን ቆንጆ የአገርሽን ልብስ አትለብሺም፣ ለምንስ እንደሷ አትስቂም ብላ ጠይቃታለች። የቅሬታ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እንድጽፍላት ፈለገች።

«እግር ማጠብ አያሳፍረኝም፤ ስንቱን አጥቤያለሁ» አለች። «ግን እኔ ሰርተፋይድ ነኝ፤ ተምሬ ፈቃድ ይዣለሁ። ደም ግፊት እለካለሁ፣ ሁሉንም መዝግቤ ቻርት አደርጋለሁ። ለማኝ ያስመሰለኝን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ደስ ይለኛል።»

ያ ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ይተይባል። እኔ ነኝ ለማለት ሁለቴ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቴም ዘጋሁት። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም። ይባስ ብዬ ዓረፍተ ነገሮቿን አሳመርኩላት።

ሰኞ ደብዳቤው በደንበኛው በኩል ዞሮ እኔው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፤ አለቃዬ አስተካክይው አለኝ። በዚህኛው ፕሮምፕት ውስጥ ድሃም ትሑትም የሚል አልነበረም። ሥራዋን ጻፍኩ፤ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለች ትውልደ ኢትዮጵያዊት የቤት እንክብካቤ ባለሙያ፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሳ መታወቂያዋን ያንጠለጠለች፣ ብርሃን በሞላው ሳሎን ከታካሚዋ ጎን ወንበር ላይ ተቀምጣ ደም ግፊት የምትለካ። ለሌሎቹም ምስሎች እንዲሁ አደረግሁ፤ አንዲት ጃማይካዊት ተቆጣጣሪ፣ አንድ ወንድ ነርስ፣ አንዲት ጥቁር ታካሚ፣ ሁሉም የራሳቸው ዕድሜና ሥራ ያላቸው። ከዚያ ሁለት የእንክብካቤ ድርጅቱ ሠራተኞች እንዲያዩት ላክሁ። የደም ግፊት መለኪያው ከክርን በታች ታስሯል አሉኝ፤ እሱንም አረምኩ። ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ ከሰዓት አጥቼ ነው እንግዲህ።

አዲሱ ምስል በተሰቀለ ዕለት አክስቴ ደወለች። ደብዳቤሽ ሠራ፣ እጅሽ ይባረክ፣ የእናትሽ ነፍስ ደስ ይበላት አለችኝ። ስድቡን እችለው ነበር፤ ምርቃቱን ግን አልቻልኩም። መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩና ነገርኳት።

አልጮኸችም። ማሽኑን ምን ብለሽ አዘዝሽው ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። እንግሊዝኛውን ስነግራት በአማርኛ በይው አለች። አፍሪካዊት ስደተኛ አልኩ። አዎ በሚል አንገቷን ነቀነቀች። ድሃ አልኩ። እዚያ ላይ በእጇ አስቆመችኝ።

«አንቺን ሳሳድግ ድሃ ሆኜ ያየሽኝ የትኛውን ቀን ነው?»

የምሯን ነው የጠየቀችው፤ መልሱን ትጠብቅ ነበር። ተኩሳ የምትለብሰው የሥራ ልብሷ፣ ሁለት ፈረቃ ሠርታ መጥታ የቤት ሥራዬን የምታይበት መነጽሯ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ፊት ወንበር ይዛ አስተማሪዎቼን የምትጠይቃቸው ጥያቄ መጣብኝ። ዓመት በዓመት እየቆጠርኩ ፈለግሁ።

«አንድም ቀን» አልኳት።

ተነስታ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።