ያልተሰነጠቀው ሄልሜት

ጸሐይወርቅ የሟች ባሏን ሄልሜት ፈርማ ተረከበች።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ለሜሳ ራሳቸው በሳሙና አጥበው፣ በጨርቅ ወልውለው አስቀምጠውላት ነበር። ነጭ ነው። በግራ በኩል በጥፍር የተጫረ የሚመስል መስመር አለበት፤ ከዚያ ሌላ ምንም አይታይበትም።

“ደህና ሄልሜት ነው” አሉ። “ጭንቅላቱን እኮ አላስነካውም። ሐኪሞቹም ደረቱ ነው ያሉት። የተፈተነ ዕቃ ነው የሰጠሁሽ። እስቲ ልክሽ ነው?”

አጠለቀችው። በሐዘኑ ጊዜ ፀጉሯን ስለተላጨች ጥብቅ ብሎ ገባ።

“ልኬ ነው” አለች።

ባሏ መዝገቡ መካኒሳ ካለ የመንግሥት መጋዘን ወደ መሀል ከተማ ደብዳቤ የሚያመላልስ ሞተረኛ ነበር። በ1975 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ፣ ሊመሽ ሲል፣ እያካፋ፣ ከመካኒሳ አቦ ወደ ወንዙ በሚወርደው ኩርባ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ሾፌሩ “አላየሁትም” አለ። ያመነው ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን እውነቱን ነበር። መዝገቡ ጥቁር ሰማያዊ የሥራ ካፖርት ለብሶ መብራት ሳያበራ ነበር የሚሄደው።

አስከሬኑ ሲመጣ ጸሐይወርቅ አላለቀሰችም። በሠልስቱም አላለቀሰችም። የመዝገቡ እህት በቀለች ለቀስተኛው መሀል ቆማ፣ “ይቺ ድንጋይ ናት! ወንድሜን የቀበረው ድንጋይ ነው!” ብላ ጮኸች። ጸሐይወርቅ ስለ ሌላ ሴት የሚወራ መሰላት። ተነሥታ ለእንግዶች ውኃ ቀዳች።

ከአርባው በኋላ የሠራተኛ አስተዳደሩ አስጠራት። በባሏ እግር ሊቀጥሯት ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን የጽዳቱ መደብ ሞልቷል፣ አዲስ ቅጥርም ታግዷል። ክፍት የነበረው የሟቹ መደብ ብቻ ነው። እሱም በጀቱ ሰኔ ሠላሳ ሲዘጋ ሰው ካልተቀመጠበት ይታጠፋል።

“ሞተር ትነጃለሽ?” አላት አስተዳዳሪው፤ መልሱን እንደሚያውቅ ሰው እስክሪብቶውን እየከደነ።

“እነዳለሁ።”

አልዋሸችም። መዝገቡ እሑድ እሑድ ላፍቶ ሜዳ ላይ ያስነዳት ነበር፤ ልጆቻቸውን ለማሳቅ። አስተዳዳሪው እስክሪብቶውን መልሶ ከፈተው። መንጃ ፈቃዱን ከሰኔ ሠላሳ በፊት ካመጣች መደቡ የእሷ እንደሆነ ነገራት። ካላመጣች ግን ለሁለቱ ልጆቿ የሚገባ ሌላ ደመወዝ አልነበረም።

ያስጠናት የመጋዘኑ ሌላው ሞተረኛ ወጋየሁ ነው። በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ጀርባ ባዶ ሣጥን ላይ ይቀመጡና እሱ የፈተናውን ጥያቄዎች ወረቀት ይዞ እያፏጨ ይጠይቃታል። ሰው ዝም ሲል ይጨንቀዋል።

“ኩርባ ላይ ስትደርሺ ፍሬን የምትይዢው የት ነው?”

“ሳልገባ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንዳለ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ ማርሽ እቀይራለሁ፣ ከዚያ እገባለሁ።”

“ከገባሽ በኋላስ?”

“ዓይኔን ወደምወጣበት እልካለሁ። ሞተሩ ሲያጋድል አብሬው አጋድላለሁ።”

“እሺ፣ አጋድለሽ ሳለ በግ ዘሎ ቢገባብሽ?”

“ጊዜ ካለኝ መጀመሪያ ሞተሩን ቀጥ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ፍሬን እይዛለሁ። እንዳጋደልኩ አጥብቄ ከያዝኩ ጎማው ይንሸራተታል።”

“በጉስ?”

“በጉ ምን?”

“ተረፈ ወይ?” ብሎ ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ጉሮሮውን ጠረገና ወረቀቱን ገለበጠ።

መልሶቹን በሙሉ ታውቃለች። አንዱም አላስቸገራትም። በየጥያቄው ውስጥ መዝገቡ ነበረ፤ እሷ ግን የሰፈር ስም እንደሚቆጥር ሰው እየጠራች አለፈችው። ወጋየሁ አንዱን ጥያቄ እየዘለለ እንደሚያልፍ ያወቀችው ወረቀቱን ራሷ ስታነብ ነው።

“ይሄን ለምን አትጠይቀኝም? ‘ኃይለኛ ምት የደረሰበት ሄልሜት ከላዩ ጉዳት ካልታየበት ምን ይደረጋል?’ ይላል።”

“እሱ… ይቀየራል በይ።”

“ለምን?”

“ውስጡ ያለው ፎም ምቱን የሚይዘው እየተጨፈለቀ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ሁለተኛ ሲመታ የሚይዝ ነገር የለውም።” ወጋየሁ መሬት መሬት ያይ ጀመር። “ለፈተናው ነው፣ ጸሐይ። እኛ ጋ ሌላ ሄልሜት የለም።”

ሄልሜቱን ይዛ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደች። ጋሽ ለሜሳ አገላብጠው አዩት።

“የታል ስንጥቁ?”

“ከላይ አይታይም ነው የሚሉት።”

“ልጄ፣ የማይታይ ነገር በምን ላይ ይጻፋል? ይሄ የሕዝብ ንብረት ነው። ካልተሰነጠቀ አይወገድም፤ ካልተወገደ ደግሞ ሌላ አይገዛም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ?”

ውጭ ወጋየሁ ድንጋይ አንሥቶ ጠበቃት። “አምጪው፣ ስንጥቅ ከፈለጉ ስንጥቅ እንስጣቸው።”

“ከተሰነጠቀ ምን አድርጌ እፈተናለሁ? ግዢው እስኪፈቀድ ሰኔ ያልፋል።”

ድንጋዩን ጣለው። “እሱም አለ” አለ።

ለፈተና የሄደችው በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ነው። ጠዋት የቃል ጥያቄ፣ ከሰዓት በኋላ መንዳት። ሞተሩንና ሄልሜቱን ተፈታኙ ያመጣል፤ ሞተሩን ወጋየሁ እየነዳ አደረሰላት። በቆርቆሮ ክዳን ሥር የተደረደሩት አግዳሚዎች በወንዶች ተሞልተዋል። ጥቁር ለብሳ፣ ሄልሜቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ አጠገቧ የነበረው ቀጭን ሰው ዞር አለ። ሰዒድ ይባላል፤ ቄራ አካባቢ ቆዳ የሚነግድ ነው።

“እህት፣ ለባልሽ ወረፋ ይዘሽ ነው? እሱ የት ሄዶ ነው?”

አግዳሚው ሳቀ።

“ሞቷል” አለች ጸሐይወርቅ።

ሳቁ ተቆረጠ። ሰዒድ ከንፈሩን ነክሶ፣ “አላህ ያጥናሽ። ምላሴን ይቁረጠው” አለ። እሷ አልተቀየመችውም።

ፈታኙ ጓድ ጉርሜሳ የሚባሉ ሸበቶ ሰው ናቸው። ስሟ ሲጠራ ጠረጴዛቸው ፊት ቆመች። ቀና ሳይሉ ጀመሩ።

“በደረቅ፣ ቀጥ ባለ መንገድ በፍጥነት ለማቆም የትኛውን ፍሬን ትይዣለሽ?”

“ሁለቱንም። የፊቱን ቀስ በቀስ እየጨመርኩ፣ የኋላውን ለስለስ አድርጌ።”

“የፊቱ አይገለብጥሽም? ሰው ሁሉ ይገለብጣል ይላል።”

“በድንገት ጭምድድ ካደረግሁት አደገኛ ነው። ቀስ በቀስ ከያዝኩት ግን ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊት ጎማው መንገዱን አጥብቆ ይይዛል። ይበልጥ የሚያቆመኝ እሱ ነው። መንገዱ እርጥብ ከሆነ ቀደም ብዬ፣ ሁለቱንም ለስለስ አድርጌ እይዛለሁ።”

“ከጭነት መኪና ጎን እየሄድሽ ሾፌሩ እንዳየሽ በምን ታውቂያለሽ?”

“በመስታወቱ ውስጥ ፊቱን ካላየሁ እሱም አላየኝም። እዚያ ቦታ ላይ አልቆይም።”

“ሊመሽ ሲል፣ ሲያካፋስ?”

“መብራት አበራለሁ። ደማቅ ልብስ እለብሳለሁ።”

ያን ጊዜ ቀና አሉ። ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ነበር። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ የተፈታኙን ሁሉ ሄልሜት ሳያዩ አያሳልፉም። ማሰሪያውን ጎተቱ፣ በጣታቸው ቆረቆሩት፣ የተጫረውን መስመር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

“ይሄ ተመቶ ያውቃል?”

ከላይ ምንም አይታይበትም። “ወድቆብኝ ነው” ብትል ይበቃ ነበር። ወጋየሁ ከአጥሩ ውጭ በእጁ ‘አላውቅም በይ’ እያለ ምልክት ይሰጣታል። አየችው። መዋሸት ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ መሰላት፤ ጉልበቱ አልነበራትም።

“አዎ። ባሌ ሲገጭ አድርጎት ነበር።”

“እንዲህ ያለው ምን ይደረጋል?”

“ይቀየራል።”

“ታዲያ ምን ብለሽ ይዘሽው መጣሽ?”

“የሰጡኝ እሱን ነው። ስላልተሰነጠቀ አይወገድም አሉ።”

ጓድ ጉርሜሳ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። “የቃሉን አልፈሻል። በዚህ ግን ሞተር ላይ አላወጣሽም። ከሰዓት በኋላ ሌላ ይዘሽ ከመጣሽ እፈትንሻለሁ። ካልሆነ በሐምሌ ተመለሺ።”

“በሐምሌ መደቡ የለም” አለች። ለመለመን አልነበረም፤ የጠየቋት ያህል ነው የመለሰችው።

ወጋየሁ የራሱን ሊሰጣት ሮጦ ገባ። ስታደርገው ዓይኗ ላይ ወረደ። “ጨርቅ እንጠቅጥቅበት” ሲል ፈታኙ ከጠረጴዛቸው፣ “ጨርቅ ልክ አያደርገውም! ሲመታ ከራሷ ይወጣል!” ብለው ጮኹበት።

ሰዒድ ከአግዳሚው ተነሣ። ሄልሜቱን ሁለት እጁ ላይ አድርጎ አቀረበላት። “ሞክሪው እስቲ። እናቴ ጭንቅላትህ የዶሮ ነው ትለኛለች።”

ጥብቅ ብሎ ገባ። ፈታኙ ማሰሪያውን አስረው ግራና ቀኝ ነቀነቁት፤ አልተንቀሳቀሰም። “ይሄም ተመቶ ያውቃል?” ሲሉ ሰዒድ፣ “ኧረ ጓድ፣ ገና ዕዳውን እንኳ አልጨረስኩ!” አለ።

ከሰዓት በኋላ በበርሜሎቹ መካከል እየተጠማዘዘች ነዳች። ኩርባው ላይ ሳትገባ ዘገየች፣ ዓይኗን ወደ መውጫው ላከች፣ አጋደለች፣ ወጣች። እግሯ መሬት አልነካም። ወጋየሁ ዘልሎ አጨበጨበ። እሷ ሞተሩን አቆመች፤ ማሰሪያውን ፈትታ ሄልሜቱን ለሰዒድ መለሰችለት። “እግዜር ይስጥልኝ” አለችው። ከሰው ጋር ስትነጋገር ፊቱን ያየችው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላወቀችም።

መደቡ የእሷ ሆነ። አዲስ ሄልሜት እስኪገዛ ድረስ ደብዳቤዎቹን በእግርና በአውቶቡስ እንድታደርስ ተባለ። ፈታኙ በመዝገቡ ሄልሜት ላይ ‘ለአገልግሎት የማይበቃ’ ብለው ማኅተም ስላሳረፉ ጋሽ ለሜሳ ሊያስወግዱት ተስማሙ። የተወገደ ዕቃ ተመልሶ እንዳይወጣ በምስክር ፊት ይቆረጣል። በመጋዘኑ ደጅ እሷ፣ ወጋየሁና ሁለት ዘበኞች ቆመው እያዩ ጋሽ ለሜሳ በብረት መጋዝ ለሁለት ከፈሉት።

ቀኙ ግማሽ ውስጥ ያለው ነጭ ፎም የሁለት ጣት ውፍረት ነበረው። በግራው በኩል፣ ከመስመሩ ሥር፣ እንደ ካርቶን ሳስቶ ተጨፍልቋል። ጋሽ ለሜሳ መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጡ። ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ፤ ብዙም ሳይጫኑ ተፈረፈረ።

“ከላይ እኮ ምንም አልነበረውም” አሉ።

“አዎ” አለች ጸሐይወርቅ። “ምንም አልነበረውም።”

ወጋየሁ ፊቱን አዞረ። እሷ የግራውን ግማሽ ተቀብላ ትንሽ ይዛው ቆየች። ከዚያ ከሌላው አጠገብ አስቀመጠችው፣ መዳፏ ላይ የቀረውን ነጭ ፍርፋሪ አራገፈች፣ የደብዳቤውን ቦርሳ አንሥታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች።