ከሚረር በላይ የሰቀልኩት ቀዳዳ

ሥርዓት እወዳለሁ። ይህን የምለው እንድትመሰክሩልኝ አይደለም፤ ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትስቅብኝ የኖረችው በዚሁ ነው። እርሳሶቼን በቁመታቸው እደረድራለሁ፤ የእንግዳ ጫማ ደጃፍ ላይ ተዘበራርቆ ካየሁ ተነሥቼ ሳላስተካክል ወሬ አይሰማኝም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የቴክኒክ ንድፍ መምህር ሆኜ ብዙ ዓመት የቆየሁትም በሌላ ችሎታ ሳይሆን በዚህ በሽታዬ ይመስለኛል።

ያኔ የግምገማው፣ የአንድ ለአምስቱ ዘመን ነበር። ንድፍ ሁሉ በኮምፒውተር ይሁን የሚል መመሪያ ወረደ፤ ከመመሪያው ጋር አንዲት ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ወጣት መምህርት መጣች። ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች። የሙከራ ጊዜዋ የካቲት ላይ ያልቃል፤ ቋሚ የመሆኗ ነገር የሚወሰነው ደግሞ በአንድ ሥራ ነበር። ቡሬ ለተደራጁ ብረት ሠራተኞች የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ንድፍ ታዘጋጃለች፤ እነሱ ይሠሩታል፤ ማሽኑ ከፈለፈለ እሷም ደብዳቤዋን ትቀበላለች። እናቷ እሷኑ ተስፋ አድርጋ እንደምትኖር ሳትነግረኝ አውቃለሁ። ደመወዝ በወጣ ማግሥት መራዊ እናቷ ዘንድ ሳትሄድ የቀረችበትን ወር አላስታውስም።

እኔን ማስተማርም የእሷ ሥራ ሆነ። ምስኪን! ማውሱን እንደ ማረሻ እርፍ ነበር የምጨብጠው።

«ጋሼ፣ ሥዕሉን ይተዉት» አለችኝ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ። «ግራ በኩል ያለውን ዝርዝር ያንብቡ።»

«ዝርዝሩ ምን ይለኛል? እኔ የማየው ላሜራ ነው።»

«ላሜራው እንዴት እንደተሠራ ይልዎታል። ፊቸር ትሪ የምንለው እሱ ነው። ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው፤ ኮምፒውተሩም ሞዴሉን የሚገነባው በዚሁ ተራ ነው።»

አነበብኩ። መጀመሪያ የማሽኑ የጎን ላሜራ። ከሥሩ የዘንጉ ቀዳዳ። ከዚያ በዘንጉ ዙሪያ ኩሽኔታው የሚታሰርባቸው አራት የቡሎን ቀዳዳዎች። የዘንጉን ቀዳዳ ነካችና «ሰፕረስ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠች። ቀዳዳው ተደፈነ። አራቱ የቡሎን ቀዳዳዎችም አብረው ጠፉ።

«ኧረ እነሱን አልነካሻቸውም!»

«ልኬታቸው የተወሰደው ከዘንጉ ቀዳዳ ነዋ። እሱ ወላጅ፣ እነሱ ልጆች። ወላጁን ሳስተኛው አብረው ይተኛሉ።»

«ሞቱ?»

«አልሞቱም ጋሼ፤ ያውልዎት ዝርዝሩ ላይ ግራጫ ሆነው ተቀምጠዋል።» ከነልጆቹ አስነሣው ብላ አዘዘችው፤ አምስቱም ቀዳዳዎች ተመለሱ። «አሁን ደግሞ አንዱን የቡሎን ቀዳዳ ጎትተው ከዘንጉ ቀዳዳ በላይ ለማውጣት ይሞክሩ።»

ጎተትኩ። የክልከላ ምልክት ብቅ አለና እምቢ አለኝ።

«ልጅ ከወላጁ በፊት አይወለድም» አልኩ።

«እሱን ነው የምልዎት» አለችና ወደ ታች ወረደች። «ይኼ ሚረር ነው፤ መስታወት እንደማለት። ከእሱ በላይ የተሠራውን ሁሉ እንዳለ ገልብጦ ሁለተኛውን የጎን ላሜራ ያወጣል። ከእሱ በታች የሚመጣውን ግን አያውቀውም። ለዚህ ነው የቆረቆንዳ መውጫውን ከሚረሩ በታች ያደረግሁት። የተፈለፈለው ቆረቆንዳ በአንድ በኩል ብቻ ነው መውጣት ያለበት፤ በቆሎው በሚገባበት በማጉረሻው በኩል ያለው ላሜራ ድፍን መሆን አለበት።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ራስ መነቅነቅ ላይ ማንም አይደርስብኝም።

ጥር ላይ ለሦስት ቀን ሥልጠና ባሕር ዳር ሄደች። በሁለተኛው ቀን የቡሬዎቹ ሊቀ መንበር በጠዋቱ ሚኒባስ መጣ፤ ቀጠን ያለ፣ የብየዳ ብልጭታ ሸሚዙን እንደ ወንፊት የበሳው የሁለት ልጆች አባት ነው።

«ጋሼ፣ ላሜራው ገብቶልናል። ንድፉን ዛሬ ካልሰጡን እጃችንን አጣጥፈን ነው የምንውለው» አለኝ።

ለማተም ፋይሉን ከፈትኩ። እዚያ ላይ ነው ያ በሽታዬ የተነሣብኝ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከላይ ተሰብስበው ሳለ የቆረቆንዳ መውጫው ብቻ ታች፣ ከሚረሩ ሥር፣ ከወንድሞቹ ተለይቶ ወድቋል። በወረቀት ላይ ባደገ ዓይን ይህ ዝርክርክነት ነው። በወረቀት ላይ የትኛውን መስመር ቀድመህ እንዳሰመርክ ማንም አይጠይቅህም፤ አልቆ ካማረ አማረ። እሷ የነገረችኝ ደግሞ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው የወጣ ዓይነት ነበር። ቀዳዳውን ጎተትኩና ከሚረሩ በላይ፣ ከሌሎቹ ቀዳዳዎች ጎን አስቀመጥኩት። የክልከላ ምልክት አልመጣም። ለካ ልኬቱ የተወሰደው ከዘንጉ ቀዳዳ ነው፤ ወላጁ አሁንም ከበላዩ ስላለ ኮምፒውተሩ የሚከለክለኝ ምክንያት አልነበረውም። እኔ ግን ካልከለከለኝ ትክክል ነኝ ብዬ ደስ አለኝ። ስክሪኑ ላይ ከፊት የሚታየው አንደኛው ላሜራ ስለሆነ ከኋላ የተከፈተውን አላየሁም። ወረቀቱ ሲታተም ያየሁት ክፈፉ ቀጥ ማለቱን ነው። «ነዳፊ» በሚለው ቦታ የእሷ ስም አለ። አጣጥፌ ሰጠሁት፤ ሻይ እንኳ ጋበዝኩት።

ማሽኑ የተሞከረው ቡሬ፣ በእነሱ ሼድ ነው። ከዞን የመጡ እንግዶች ነበሩ። ሞተሩ ተነሣ፣ ቺንጋው ዞረ፣ ሊቀ መንበሩ አንድ ቁና በቆሎ በማጉረሻው ለቀቀው። ወዲያው በሁለቱም በኩል መትፋት ጀመረ። ከወዲያኛው ወገን ቆረቆንዳ ይወጣል፤ ከወዲህኛው፣ ከማጉረሻው ሥር፣ ገና ግማሹ ያልተፈለፈለ በቆሎ እየተወነጨፈ ወጥቶ የአንዱን እንግዳ ጉልበት መታው። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ገና አልገባኝም ነበር።

«አጥፉት! አጥፉት!» አለ ከእንግዶቹ አንዱ።

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየን። «እንደተነደፈው ነው የቆረጥነው። ይኸው፣ ሁለቱም ላይ መውጫ አለ። እኛ እኮ ‹ለምን ሁለት ሆነ› ብለን ተጠያይቀን ነበር፤ ‹የተማሩ ናቸው፣ ያውቁታል› ተባብለን ተውነው።»

እሷ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየች።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ ለብቻዬ ፋይሉን ከፈትኩ። የቆረቆንዳ መውጫው እኔ ባስቀመጥኩት ቦታ፣ ከወንድሞቹ ጋር በሥርዓት ተሰልፎ ጠበቀኝ። ወደ ታች ጎትቼ ከሚረሩ ሥር መለስኩት፤ ሁለተኛው ላሜራ ተደፈነ። ወደ ላይ አወጣሁት፤ ተከፈተ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ሌላ ጥፋተኛ ይገኝ እንደሆነ ብዬ ነው መሰለኝ። ከዚያ ከሚረሩ በላይ ትቼው ዘጋሁት።

በማግሥቱ ግምገማ ተጠራ። ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራላ! ዲኑ ወረቀቱን አንሥቶ «የማን ሥራ ነው?» አለ።

እሷ ተነሣች። «ስሙ የእኔ ነው። ጉድለቱንም አይቻለሁ። ሳላየው እንዲወጣ ማድረግ አልነበረብኝም፤ ግለ ሂስ አደርጋለሁ።»

ወደ እኔ ዞር አላለችም። አሁን ተናገር አልኩ ለራሴ። አሁን። ቀጣዩ ተናጋሪ ይጨርስና፤ እሱ ሲጨርስ ሌላ እጅ አወጣ። ላሜራው እንደባከነ ተነሣ፣ እንግዶቹ ፊት እንዳፈርን ተነሣ። «ወጣቶቹ ትምህርቱን ተሸክመው ይመጣሉ እንጂ ጥንቃቄ የላቸውም» አለ የሒሳብ መምህሩ። እኔ ቁጭ ብዬ፣ በዚያ በሚመሰገነው ጽሕፈቴ፣ «በመምህርቷ ላይ የጥንቃቄ ጉድለት ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ጉድለት የምትለዋን ቃል አሳምሬ ነው የጻፍኳት።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከሰዓት ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ፋይሉ ያለበትን ላፕቶፕ ታቅፌ ዲኑ ቢሮ ገባሁ።

«ይህ ወረቀት ውሸት ነው» አልኩት። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው።»

ዝርዝሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩለት። መውጫውን ወደ ታች አውርጄ፣ ላሜራው ሲደፈን አሳየሁት፤ መልሼ አውጥቼ፣ ሲከፈት አሳየሁት። እንደ ሱቅ በር ስከፍት ስዘጋው ዲኑ አገጩን ይዞ ተመለከተ።

«ታዲያ ይኼ ነገር ማን እንዳደረገው ይናገራል?»

«ተራውን ነው የሚናገረው። ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ባሕር ዳር ሳለች።»

«እና ጠዋት አፍዎ የት ሄዶ ነበር?»

እኔ፣ ለሁሉ ነገር ቀልድ የማላጣው ሰውዬ፣ ካልሲዬን አየሁ።

ቃለ ጉባኤው ተቀደደና ሌላ ተጻፈ። ግን ነገሩ እኔ እንዳሰብኩት አልተደፈነም። እኔ ለዕድሜዬ ተብሎ በምክር ታለፍኩ። የእሷ ሙከራ ደግሞ፣ ፋይሉን ማንም እንዲነካው ክፍት ትታለች ተብሎ፣ ሦስት ወር ተራዘመ። ማንም ማለት እኔ ነኝ።

ልነግራት ወደ ወርክሾፕ ሄድኩ። ኤሌክትሮድ እየቆጠረች ነበር።

«አውቄ ነበር» አለች ሳልጨርስ። «ከቡሬ እንደተመለስን ፋይሉን ከፈትኩት። መውጫው ከሚረሩ በላይ ወጥቷል። እዚህ ግቢ ውስጥ ቀዳዳ ከቀዳዳ ጋር አስተካክሎ የሚሰበስብ ሰው አንድ ነው።»

«ታዲያ ምነው ስብሰባው ላይ ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ። እርስዎ ቁጭ ብለው ሳሉ እኔ ቀድሜ እንዴት እናገራለሁ? ጠበቅኩዎት። ከዚያ ሲጽፉ አየሁ።»

ቅዳሜ ቡሬ ወርደን ያን ቀዳዳ ደፈንነው። እሷ ከሞዴሉ ላይ ልኩን አወጣች፤ ሊቀ መንበሩ ላሜራውን ቆረጠ፤ እኔ «እኔ ልበይደው» ብዬ ለመንኩ። ብየዳዬ ከኮምፒውተር ሥራዬ የተሻለ አልነበረም፤ ጠርዙ እንደ ቁስል አበጠ፤ ሊቀ መንበሩ በግራይንደር ሞረደው። ማሽኑ በአንድ በኩል ብቻ መትፋት ጀመረ። የቡሬዎቹ አጨበጨቡ። እሷ የወጣውን ፍሬ በእፍኟ ዘግና አየችና ወደ ላፕቶፗ ተመለሰች።

«ከእንግዲህ ፋይሉን ሲከፍቱ መጀመሪያ ኮፒ ያድርጉ፣ መምህር» አለችኝ።

መምህር። እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሼ ነበርኩ። ቃሉ ምንም አይደለም፤ ጨዋ ነው፤ ማዕረግም አለው፤ ሌላ ሰው ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሦስቱ ወር አለቀና ቋሚ ሆነች። ደብዳቤዋን ስትቀበል ለሁላችንም ከረሜላ አደለች፤ ለእኔም ሁለት ሰጠችኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ» አልኳት።

«አመሰግናለሁ፣ መምህር» አለችኝ፣ በሁለት እጇ ጨብጣኝ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ደንበኛ በሆነ አክብሮት።