እትዬን የሚተካ ሰው

የእትዬ ታናሽ ወንድም አንድ በር ለመሥራት ሁለት ጊዜ ይለካል። ሰው ለመቅጠር ግን አንድ ጊዜም አልለካም።

ማስታወቂያውን ራሱ ጻፈው፤ ያውም በቀለም፣ ከመስኮት ሥራ በተረፈ ላሜራ ላይ። «ታታሪ፣ ታማኝና ቀልጣፋ ሠራተኛ እንፈልጋለን። ደመወዝ በስምምነት።» ላሜራውን በብረታ ብረት ቤቱ የውጭ በር ላይ በሽቦ አሰረና ነገሩ ያለቀለት መስሎት ወደ መቁረጫ ማሽኑ ተመለሰ።

በነጋታው ሰው መጣ። መምጣቱስ መጣ። የራሱን የብየዳ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የመጣ ነበር፤ የጥበቃ ሥራ ነው ብሎ ዱላ ይዞ የመጣ ነበር። አንዲት ፀጉር ሠሪ ስልጠናው በነፃ መሆን አለመሆኑን ጠየቀች። አንድ ጎልማሳ ደግሞ «በስምምነት ካላችሁ እንስማማ» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን ሳይጠይቅ ሄደ። ሁሉም የሚመጡት ወደ እትዬ ጠረጴዛ ነው። ለሁሉም አንድ በአንድ የምታስረዳው እሷ ናት። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ፤ ለሥራው የሚሆን ሰው አልተገኘም።

እትዬ ዕድሜዋን የጨረሰችው በትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ነው። ጡረታ በወጣችበት ሰሞን ወንድሟ «አንድ ወር ብቻ አግዢኝ» አላት፤ ያ ወር ሳያልቅ ዓመታት ተቆጠሩ። ቢሮ የሚባለው ከብየዳው መሥሪያ ቦታ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል ናት። መስታወቱን ብትወለውለውም ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በብረት ብናኝ ይጠቁራል። የብረት መፍጫው ሲጮህ ስልክ የምታነጋግረው አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና ነው። ሠራተኛውም ደንበኛውም እትዬ ይላታል፤ ስሟን የሚያውቅ ካለ ደረሰኝ ላይ ያነበበ ነው።

አሁን የሚተካት ሰው የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሌላ ከተማ ያለችው ልጇ በዚህ ወር መጨረሻ ትወልዳለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። «እማዬ፣ ከምጡ በፊት ድረሺልኝ» ብላታለች። እትዬም እደርሳለሁ ብላ ቃል ሰጥታለች። ደህና ማስታወቂያ ቢወጣ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ማመልከቻ መለየትና ማነጋገር ቀናት ይፈጃል፤ ሥራ ማስረከብ ቢያንስ ሌላ ሳምንት። ዛሬ ካልወጣ ልጇ ያለ እናቷ ትወልዳለች።

ስለዚህ በዚያ ቀን ጠዋት ሄዳ ላሜራውን ፈትታ አወረደች፤ በእጇ ይዛው ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ምን አደረገሽ እሱ?» አለ ወንድሟ መፍጫውን እያጠፋ።

«ምንም ስላላደረገ ነው። ና ግባ፤ ሌላ እንጽፋለን።»

«እትዬ፣ ሥራ አለብኝ እኮ። ጸሐፊ ይፈለጋል በይና ለጥፊው።»

«ጸሐፊ ነኝ እንዴ እኔ?»

«ታዲያ ምንድን ነሽ?»

እትዬ ወረቀት ሳበችና መጻፍ ጀመረች፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ ሲያይ ቀስ በቀስ ጎንበስ አለ። የሥራው መጠሪያ፦ የቢሮና የሒሳብ ሠራተኛ። ብዛት፦ አንድ። የሥራ ኃላፊነት፦ ትእዛዝ መቀበልና የበርና የመስኮት ልኬት በትክክል መመዝገብ፤ ለደንበኛ ዋጋ ማዘጋጀት፤ ደረሰኝ መቁረጥና የዕለቱን ገቢ ባንክ ማስገባት፤ የብረት፣ የቀለምና የብየዳ ኤሌክትሮድ ክምችት መቆጣጠር፣ ሲያልቅም ማዘዝ፤ የሠራተኛ ሰዓት መያዝና ወርኃዊ ክፍያ ማዘጋጀት፤ ያልተከፈለ ሒሳብ ተከታትሎ ማስከፈል።

«ይሄ ሁሉ ለምን ተጻፈ?» አለ። «ሰው ያስደነግጣል።»

«ሰውን ነው ወይስ አንተን?»

«ኤሌክትሮድ የማዝዘው እኔ ነኝ።»

«አንተ "አለቀ" ብለህ ትጮሃለህ። የማዝዘው እኔ ነኝ።»

ወንድሟ ራሱን አከከ። ተፈላጊ ችሎታ ላይ ሲደርሱ ግን ተነቃቃ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ዲግሪ በይ። የአምስት ዓመት ልምድ። ዕድሜ ከሃያ አምስት ያልበለጠ። ቁመናው ያማረ። ሦስት ቋንቋ የሚችል። ሞተር ሳይክል ቢነዳ ደግሞ...»

«አውሮፕላንስ?»

«ኧረ ቁም ነገር እናውራ!»

«እሱን አንተ ጀምረው። ዲግሪ ይዞ፣ አምስት ዓመት ሠርቶ፣ ገና ሃያ አምስት ያላለፈው ሰው ብታገኝ እዚህ ብናኝ ለመዋጥ ይመጣል? ደረሰኝ ለመቁረጥ መልክ ምን ይሠራል? ዕድሜም መልክም አይጻፍም፤ ሥራውን የሚሠራ ይምጣ።» ጻፈች፦ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማና የአንድ ዓመት ልምድ፣ ወይም ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀና በተመሳሳይ ሥራ ሦስት ዓመት የሠራ፤ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ መሥራት የሚችል። ገንዘብ ስለሚይዝ ዋስ ማቅረብ የሚችል። «ዋሱን የሚያመጣው ሲቀጠር ነው» አለች፤ «ለማመልከት ብቻ ዋስ ፍለጋ ዘመድ አያስቸግርም።»

ከዚያ ደመወዝ መጣ።

«በስምምነት» አለ ወንድሟ ቶሎ ብሎ።

«እሱማ አይሞከርም!»

«እሺ ስንት ልበል?»

እትዬ ብዕሯን አስቀመጠችና ወደ እሱ ዞረች። «ለእኔ ስንት ትከፍለኛለህ?»

ወንድሟ ኪሱን ዳበሰ። ነገሩ ይህ ነው፤ እትዬ ደመወዝ የላትም። ወር ሲያልቅ ወንድሟ ከኪሱ የወጣውን ያህል አጥፎ «ለታክሲ» ይላታል። አንዳንዴ ዘይትና ዱቄት በመኪና ይልክላታል። አንዳንዴም ይረሳዋል። የሠራተኛውን ሁሉ ክፍያ በየወሩ የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ በዚያ ወረቀት ላይ የራሷ ስም አንድም ቀን አልሰፈረም።

«አንቺማ ቤተሰብ ነሽ» አለ በመጨረሻ።

«የምትመጣዋ ቤተሰብ አይደለችም።»

«አምስት ሺህ እንበል።»

በዚህ መሃል ዋናው በያጅ የአንድ መስኮት ልኬት ሊጠይቅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሳቁን መያዝ አቃተው። «አለቃ፣ ከፊት ለፊታችን ያለው እንጨት ቤት ለሒሳብ ያዧ አሥራ ሁለት ሺህ ይከፍላል።»

«ለእሷ? ስታዛጋ ለምትውለው?»

«ለማዛጋቱ ነው፤ ብትሠራማ ይጨምራሉ።»

«አንተ ደግሞ ማን ጠራህ? ደመወዝ በር ላይ ከተለጠፈ ሠራተኛው ሁሉ አይቶ ጭማሪ ሊለኝ ነው!»

«እኔ አሥራ አምስት ነው የማገኘው፤ ሌላ ሰው አሥራ ሁለት ቢያገኝ አይከፋኝም» አለ በያጁ። «እኔ የምፈራው እትዬን ነው። እሳቸውም የራሳቸውን ቢጠይቁ...» ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ልኬቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወጣ።

ወንድሟ ዘዴ ያገኘ መሰለው። «ከአምስት እስከ አሥራ ሦስት ሺህ በይ። ትልቁን አይተው ይመጣሉ፤ እኛ ከታች እንጀምራለን።»

«አየህ፣ አንተ ብረት ስትገዛ ሻጩ "ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሜትር ነው" ቢልህ ትገዛለህ?»

«አልገዛም።»

«እነሱም አይገዙም። ወይም ይመጡና፣ አምስት ሲባሉ በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋሉ። ከዚያ አንተ ልጄ አራስ ቤት እያለች ትደውላለህ። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሦስት ሺህ፣ እንደ ልምዱ። የማትከፍለውን ቁጥር አልጽፍልህም።»

«እትዬ፣ ገደልሽኝ። እስቲ እዚያ ሆነሽ በስልክ ብትሠሪውስ? ሕፃን እንደሆነ ሲተኛ ነው የሚውለው...»

እትዬ ይህን ስትሰማ ከመሳቢያው የቢሮውን ቁልፍ አወጣች፤ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«የት ነው?»

«ልጄ ጋ። ማስታወቂያው ዛሬ ይወጣል፤ ካልወጣ አርብ እሄዳለሁ፤ ደረሰኙን አንተ ትቆርጣለህ።»

ወንድሟ ደረሰኝ ቆርጦ አያውቅም። የካርቦን ወረቀቱ በየትኛው በኩል እንደሚገባ እንኳ አያውቅም። ቁልፉን ሲያይ፣ እሷን ሲያይ፣ ውጭ የተኮለኮሉትን ያላለቁ በሮች ሲያይ ቆየ። «ጻፊው» አለ። «ጻፊው፣ በቃ! አሥራ አንድ በይ!»

«እስከ አሥራ ሦስት።»

«እስከ አሥራ ሦስት!»

የቀረውን ቆማ ጻፈችው። የሥራ ቀንና ሰዓት፣ የምሳ ዕረፍቱ ጭምር። አመልካች ማመልከቻና የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ኮፒ በፖስታ አድርጎ እስከ መጪው አርብ ከሰዓት ድረስ በሥራ ሰዓት ለቢሮው ያቀርባል፤ ኦሪጅናል የሚታየው በቃለ መጠይቅ ቀን ነው፤ የተመረጡት ብቻ በስልክ ይጠራሉ። ወንድሟ «ስልክሽን ጻፊበት» ሲላት በዓይኗ አባረረችው።

ወረቀቱ ያን ዕለት ተለጠፈ። ዱላ የያዘም መነጽር ያንጠለጠለም አልመጣም፤ ሰው አንብቦ ያልፋል፣ የሚሆነው ደግሞ ይገባል። ከገቡት ፖስታዎች እትዬ ሦስት መረጠች። ከሦስቱ መካከል አንዲት ቀጭን ሴት፣ የእትዬ ወንድም የደረደረላትን ጥያቄ ሁሉ መልሳ ስትጨርስ፣ ማስታወቂያውን የገለበጠችበትን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ሒሳብ ለማስከፈል ደንበኛ ጋ ስሄድ የታክሲውን ማን ይሸፍናል?»

ወንድሟ ወደ እትዬ ዞረ። «አንቺ እስከ ዛሬ በምን ነበር የምትሄጂው?»

«በእግሬ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«"ለታክሲ" እያልክ ስትሰጠኝ ደመወዜ መስሎኝ።»

ሴትየዋ አንገቷን ደፋች፤ መሳቋ ይሁን ማፈሯ አልታወቀም። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገና «ድርጅቱ ይሸፍናል» አለ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጥርስ የሚነቀል ይመስል ነበር። እትዬ ውሉ ላይ አሰፈረችው። ሴትየዋ በአሥራ ሁለት ሺህ ተስማማች፤ ሰኞ ሥራ ጀመረች።

እትዬ ሳምንቱን ሙሉ ሥራውን አስረከበቻት። በመጨረሻው ቀን ወንድሟ እስከ አውቶቡሱ ሸኛት፤ ሻንጣዋን ጭኖ ሲያበቃ «ያንቺን ነገር ስትመለሺ እንነጋገራለን» አላት።

«እመለሳለሁ ያለህ ማን ነው?» ብላ ወጥታ ተቀመጠች።

እትዬ ስትደርስ ልጇ ገና አልወለደችም ነበር። እናትና ልጅ የሕፃን ልብስ እያጠፉ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ!» አለ ወንድሟ፤ «ይቺ የቀጠርናት ልጅ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጥላ ወጣች እኮ! ሰው ቆሞ እየጠበቀ! የምሳ ሰዓት አላት እንዴ?»

«ማስታወቂያው ላይ አለ። ሂድና አንብበው።»

«አንቺ ምሳ ስትወጪ አይቼሽ አላውቅም!»

እትዬ ስልኩን ዘጋችው።

«ማን ነው እማዬ?» አለች ልጇ፣ ወገቧን ይዛ።

«አጎትሽ። ሠራተኛ ቀጥሮ ጉድ ሆኗል። ነይ ያቺን ትራስ አቀብይኝ፤ አንቺም አረፍ በይ።»