የእማማ ሳሎን ፀሐይ

እንጀራዬ ከፀሐይ ጋር መጨቃጨቅ ነው። አዲሱ ገበያ፣ ከአንድ መስታወትና አሉሚኒየም ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ገና ባልተሠራ ቤት ውስጥ ብርሃን እንዴት እንደሚገባ በኮምፒውተር ሥዕል አሳያለሁ። ፕሮግራሙ የብርሃንን መንገድ ይከተላል። ጨረር በመስኮት ገብቶ ወለል ይመታል፣ ከወለል ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ ኮርኒስ ይነጥራል፤ በነጠረ ቁጥርም እየደከመ ይሄዳል። ደንበኛ ግን ይሄ ሁሉ ልፋት አይታየውም። ደንበኛ «ቦግ ይበል!» ነው የሚለው። ቦግ ማድረግ ደግሞ ቀላል ነው። ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ ኤክስፖዠር የምንለውን፣ ከፍ ስታደርጉት ዋሻም የሰርግ አዳራሽ ይመስላል። ይህን ማድረግ እጠላለሁ። ከደንበኛ ጋር ጠብ የማላጣውም ለዚህ ነው።

አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ አርክቴክት የእናቷን ቤት ይዛ መጣች። ወደ እጽዋት ማዕከሉ በሚወስደው ዳገት ላይ ያለ የድሮ የጭቃ ቤት ነው። ከሳሎኑ መስኮት በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ያረጀ ሰርቪስ ቤት አለ። እሱን አፍርሳ ጂ ፕላስ ዋን ልትሠራና ከነልጆቿ እናቷ አጠገብ ልትገባ አስባለች። እናቷ ብቻቸውን መኖር ከጀመሩ ወዲህ እሷ ዕረፍት የላትም። እናትየው ግን አንድ ነገር ይዘው ሙጭጭ ብለዋል፤ ጠዋት ጠዋት ዳዊት የሚደግሙባት ወንበር ብርሃኗን ካጣች ግንባታ የሚባል ነገር የለም።

«ዓይኗ ደክሟል፣ በአምፖል ማንበብ አይሆንላትም» አለችኝ። «ብርሃኑ እንደማይነካ በሥዕል አሳይልኝ፣ በቃ እሺ ትላለች።»

«የማይነካ ከሆነ አሳያለሁ» አልኳት።

«አቤት አንተ! ደግሞ ጀመረህ።»

የራሴ ልማድ አለኝ። አዲሱን ከመሣሌ በፊት ያለውን ክፍል እንዳለ እሠራና ካነሳሁት ፎቶ ጋር አስተያያለሁ። ሁለቱ ካልገጠሙ ስለ አዲሱ የምናገረው ሁሉ ወሬ ነው። ስለዚህ ሳሎኑን ለካሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ቢሮ ተመልሼ ፀሐይዋን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቆምኳት። ፎቶው ላይ ክፍሉ ፍክት ብሏል። የኔ ሥዕል ግን ጨለማ ነው። የበረንዳው ጣሪያ ሰፊ ስለሆነ ፀሐይዋ ደፉ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። ኤክስፖዠሩን ከፍ ሳደርገው ክፍሉ ታየ፤ መስኮቱ ግን ነጭ ሆኖ ተቃጠለ። ልጅቷ ቸኩላ ያንኑ ለእናቷ ወስዳ አሳየች።

እማማ መነጽራቸውን አጥልቀው ላፕቶፑን አዩ፣ አዩና «መስኮቴ ላይ ነጠላ ያሰጣው ማነው?» አሉ።

ልጅቷ ደውላልኝ «አንድ የማይታይ መብራት ኮርኒሱ ስር ደብቅበት» አለች። ሁሉም የሚያደርገው ነው። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ክፍሉ አለ፣ ብርሃኑም አለ፤ ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ መብራት ብደብቅ ማንን ላታልል ነው?

በማግስቱ በጠዋት ዳገቱን ወጣሁና ወንበራቸው ላይ እንድቀመጥ ለመንኳቸው።

«ተቀመጥ፤ ዳዊቱን ግን እንዳትነካ» አሉኝ።

ቀና ስል የአቡጀዲው ኮርኒስ ተሸንትሯል። ብርሃን፣ ጥላ፣ ብርሃን፣ ጥላ። ብርሃኑን ወደ መጣበት በዓይኔ ተከተልኩት። ዓይኔ ከበረንዳው ጣሪያ በታች አልፎ፣ በመስኮቱ ቁልቁል ወርዶ፣ ሰርቪስ ቤቱ ክዳን ላይ አረፈ። ቆርቆሮ! ፀሐይዋ ቆርቆሮውን መትታ ወደ ላይ ትነጥራለች፣ ኮርኒሱን ታበራለች፣ ኮርኒሱ ደግሞ መጽሐፉ ላይ ያፈሳል። እኔ ቆርቆሮውን አልሣልኩትም ነበር። እንደሚፈርስ ስለማውቅ ገና ቀድሜ አፍርሼዋለሁ። ደግሞስ በእኛ ሙያ ቆርቆሮ ማን ይሥላል? የሌለ ዛፍ እንተክላለን፣ ደንበኛው የሌለውን መኪና ደጁ ላይ እናቆማለን፤ ቆርቆሮ ግን ነውር ነው።

«እማማ፣ ይሄ ብርሃን ሁልጊዜ አለ?»

«ክረምት ሲገባ ያኮርፋል እንጂ መቼ ጠፍቶ ያውቃል።»

ቢሮ ሮጬ ቆርቆሮውን ከነሽንትሩ ሠራሁት። ለውጥ የለም! ጥቂት ተራግሜ ሳበቃ ትዝ አለኝ። ፕሮግራሙ ከሚያብረቀርቅ ብረት ነጥሮ ግድግዳ ላይ የሚያርፍን ብርሃን፣ ሥዕሉን በነጭ ነጠብጣብ ስለሚያበላሽ፣ ካልነገሩት በስተቀር ይጥለዋል። ነገርኩት። የቆርቆሮውንም ገጽ ዘመን እንዳደበዘዘው አደበዘዝኩት። ሥዕሉ መጀመሪያ በሶ የተነሰነሰበት መሰለ፤ ጨረሮቹ በበዙ ቁጥር ግን እየጠራ ሄደና ኮርኒሱ ላይ ሽንትሮቹ ወጡ፣ ወንበሩም በራ። ከፎቶው ጋር ቁርጥ! እንዴት እንደጮህኩ እንጃ፣ ከታች መስታወት ቆራጩ «ምን ተሰበረ?» ብሎ መጣ።

ደስታዬ አልቆየም። ልጅቷን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳትና ሰርቪስ ቤቱን አንስቼ ጂ ፕላስ ዋኑን አቆምኩት። ወንበሩ ጨለመ።

«እኔ እኮ አጠገቧ ልሁን ብዬ ነው» አለች። ድምጿ ተሰባብሯል። ሁልጊዜ ስትነታረከኝ ነው የማውቃት፤ አንጀቴን በላችው።

«ፎቁን ብናስቀረውስ?» አልኳት።

አስቀረነው። ምድር ቤቱን ወደ ጓሮ አስረዘምነው። ክዳኑ ጠፍጣፋ ነጭ ኮንክሪት ይሁን ብላ ሞከርን፤ ነጭ ቀለም ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ለኮርኒሱ የደረሰው ጥቂት ነው። አዲስ ቆርቆሮ ሞከርን፤ እንደ መስታወት አንድ ጥግ ላይ የሚለበልብ ነበልባል ሠርቶ ሌላውን ክፍል ረሳው። በመጨረሻ የድሮውን ደብዛዛ ቆርቆሮ በድሮው ከፍታና ተዳፋት መለስኩት። ወንበሩ በራ።

«አሮጌ ቆርቆሮ?» አለች። «ደንበኞቼን ሁሉ ቆርቆሮ አውልቁ እያልኩ የኖርኩ ሴትዮ?»

«የድሮውን ቆርቆሮ ሳይጣመም አውርደሽ መልሰሽ መምታት ነው።»

እያጉረመረመች ወደ እናቷ ሄድን። እማማ ሥዕሉን ብዙም አላዩት። ኮርኒሱ ላይ ያሉትን ሽንትሮች አዩና ጣታቸውን ወደ ቆርቆሮው አወረዱ።

«አንቺ የት ነው የምትተኚው?»

«እዚሁ ስር።»

«ዝናብ ሲመጣ እንቅልፍ የለሽም።»

«አሁንስ መች አለኝ፣ እማዬ።»

እማማ መነጽራቸውን አወለቁና «እንግዲያስ ነይ» አሉ።

ግንበኞቹ አሮጌ ቆርቆሮ እንደ እንቁላል ተሸክመው ሲያወርዱ ሳቁብን። የድሮውን የምስማር ቀዳዳ በቅጥራን ደፍነው መቱት። ልጅቷ ዝናቡ ሳይጀምር ከነልጆቿ ገባች። ክረምቱ አለፈና ጥቅምት ላይ ሥዕሌን ከእውነተኛው ክፍል ጋር ላስተያይ ሄድኩ። ልጅቷ ዓይኗ አብጦ በሩን ከፈተችልኝ። ክረምቱን ሙሉ፣ ትናንት ሌሊት እንኳ ሳይቀር፣ ጆሮዋ ላይ ጠጠር ሲፈስ እንዳደረ፣ ጥፋቱም የኔ እንደሆነ ገና ሳልገባ ነገረችኝ።

እማማ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ዳዊቱ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። መስኮቱ ጋ ቆሜ አንዴ ላፕቶፑን፣ አንዴ ኮርኒሱን አያለሁ። ሽንትሮቹን ልቆጥር ምንም አልቀረኝም።

«አንተ ልጅ፣ ከመስኮቱ ዞር በል። ጨለመብኝ።»

ልጅቷ በእጅጌዬ ጎትታ ገለል አደረገችኝ። እማማ ጣታቸውን ካቆሙበት መስመር ቀጠሉ፤ እሷም ግድግዳውን ተደግፋ፣ እያዛጋች፣ እስኪጨርሱ ቆማ አየቻቸው።