የነኢማ ሦስተኛ ስም

መርሳ ላይ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእግር መኪና ልብስ ስትሰፋ የኖረች ዙልፋ የምትባል ሴት አለች። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሽማግሌ ሱሪ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ በእጇ ያላለፈ የለም። ከውርጌሳም ከግራናም ጨርቅ የገዛ ሰው "ዙልፋ ጋ ውሰደው" ይባል ነበር። እሷም ይህን ታውቀዋለች። የጨዋ ልጅ ነኝ፣ እጄም ጨዋ ነው ትላለች።

ነኢማን ያሳደገቻት እሷ ናት ማለት ይቻላል። ልጅቷ ከግራና ስትመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንጂ ሌላ አታውቅም። ዙልፋ ልኬት አስተማረቻት፣ መቀስ አስያዘቻት፣ የተበላሸውን እያስፈታች ደግማ አሰፋቻት። አራት ዓመት አብረው ቆዩ። በአራተኛው ዓመት ከወልድያ የመጣች አንዲት ሙሽራ ዙልፋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ስትነሳ፣ "ይቅርታ እትዬ፣ ያቺ ልጅ ብትለካኝስ?" አለቻት።

ዙልፋ ሜትሩን ለነኢማ ሰጠች። ሳቀችም። ማታ ግን እህል አልወርድላት አለ። ባሏ ኡበይደላ "ምን ሆነሻል?" ቢላት "ራሴን አሞኝ ነው" አለችው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነኢማ ራሷን ችላ ወጣች። የተከራየችው ቤት ከዙልፋ ቤት ሦስተኛው በር ነው። የንግድ ፈቃዷን ያወጣች ቀን በሩጫ መጣች፤ ወረቀቱን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች።

"እትዬ ዙልፋ፣ ከሰው ሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ላሳይ ብዬ ነው። ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ!"

ዙልፋ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። ነኢማ ሞላ ጠይብ ይላል። ሞላ አባቷ ነው፤ ሰው ሁሉ ነኢማ ሞላ እያለ ነው የሚጠራት። ሦስተኛውን ስም ዙልፋ ያየችው ያን ዕለት ነው።

"ጠይብ አያትሽ ናቸው?"

"አዎ፤ አላህ ይማራቸው። ገበሬ ነበሩ። ቁርኣንም ለልጆች ያስቀሩ፣ ያስተምሩ ነበር።"

ዙልፋ ልጅ ሳለች መድረሳ ተቀምጣለች። ጠይብ በዓረብኛ መልካም፣ ደግ፣ ንጹሕ ማለት እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። "ማሻአላህ፣ ይባርክልሽ" ብላ ወረቀቱን መለሰች።

የነኢማ ቤት በስድስት ወር ውስጥ ከሰው ብዛት አልይዝ አለ። የምትሰፋው ጥበብ ያለበት የሀገር ልብስ ነው፤ የጥለቱን ጫፍ በእጅ የምትሠራላት ረሂማ የምትባል ጸጥ ያለች ልጅ ቀጥራለች። ባጃጅ ከዙልፋ በር ላይ ይቆምና ሴቶቹ ይወርዳሉ። ዙልፋ ወንበሯን ታስተካክላለች። ሴቶቹ ያልፋሉ። አንዳንዴ አንዷ አንገቷን ታሰግግና "የነኢማ ቤት የቱ ነው?" ትላለች። ዙልፋ በአገጯ ትጠቁማለች። የራሷን መርፌ ድምፅ ትታ የሦስተኛውን በር መኪና ድምፅ የምታዳምጥ ሆነች። ያኛው ሲቆም ደስ ይላታል፤ ሲቀጥል ደሟ ይፈላል።

አንድ የገበያ ቀን ሽንኩርት ስትገዛ፣ ሻጯ "ኧረ ይቺ ነኢማ የማን ዘር ናት? እጇ ወርቅ ነው እኮ!" አለች። አጠገባቸው ሁለት ሌሎች ሴቶች ቆመዋል።

ዙልፋ ሽንኩርቱን እያገላበጠች "አያቷማ ጠይብ ናቸው፤ ግራና" አለች።

ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ሻጯ ግን ሚዛኑን አስቀመጠች። በአማርኛው ጠይብ ማለት ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሰው በዓይኑ ይበላል ተብሎ የሚፈራ፣ ቡዳ የሚባል ነው። ዙልፋ ሽንኩርቷን ይዛ ስትሄድ "ውሸት አልተናገርኩም፤ ስማቸው ነው" ትል ነበር ለራሷ። ወላሂ ብላ መማል የሚያስችል እውነት ነበር። ደግሞም ተንኮል ነበር።

ወሬው ሳምንት አልፈጀበትም። ከወልድያ ወይዘሮ አለሚቱ የሚባሉ እናት የልጃቸው የቤተልሔም የሰርግ ልብስ ነኢማ ቤት ተጀምሮ ነበር፤ ግማሹ ሳይሰፋ ወስደው ወደ ዙልፋ አመጡት።

"ልጄን በሰርጓ ቀን ጠይብ በዳሰሰው ልብስ አላስወጣትም። አንቺ ጨርሽልኝ።"

የተመኘችው ይኸው ደረሰላት። በሯን ዘግታ ጨርቁን ዘረጋችና ስፌቱን ገልብጣ አየች። የውስጡ ከላዩ ይበልጥ ያምራል። አንገቱ ላይ ጥበቡን ያጠፈችበትን መንገድ ዙልፋ አላስተማረቻትም፤ እሷ ራሷም አታውቀውም። ጣቷን ስፌቱ ላይ እንዳስኬደች ቅናቱ እንደ አዲስ ተነሣባት። ልብሱን እንደ ምንም ጨረሰችው። የእሷ ግማሽ ከየት እንደሚጀምር ግን ዓይነ ስውርም በዳሰሳ ይለየዋል።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ሙላቱ ሱሪያቸውን ሊወስዱ መጡ። ጋሽ ሙላቱ ወልድያ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸው። ዙልፋ ሱሪውን እያጣጠፈች እንደ ዋዛ ጠየቀቻቸው።

"ጋሽዬ፣ ጠይብ የሚሉት ቃል ከየት የመጣ ነው?"

"ከጠቢብ ነዋ! በግእዝ ጠበበ ማለት ዐወቀ፣ ብልህ ሆነ ማለት ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ሲባል ትሰሚ የለ? እጁ የሚያውቅ፣ ሙያ ያለው ሰውም ጠቢብ ይባል ነበር። ኋላ በሕዝብ አፍ 'ቢ'ው ላልቶ 'ይ' ሆነና ጠይብ ተባለ።"

"በዓረብኛም ጠቢብ ሐኪም ነው" አለች ዙልፋ ሳታስበው።

"አየሽ! እዚያ ሐኪም ሆነ፣ እዚህ ስድብ ሆነ። ለምን ብትዪ፣ በእኛ አገር ክብር በመሬት ነበር። ጠቢቡ ርስት የለውም፤ በእጁ ነው የሚበላው። ባለርስቱ ማረሻውንም ማሰሮውንም ከእሱ ይወስዳል፣ ከእሱ ጋር ግን አይጋባም። ደግሞ ይፈራዋል፤ ከድንጋይ ብረት፣ ከጭቃ ዕቃ የሚያወጣ ሰው ሌላ ምን አያውቅም? ብሎ። ማወቁ ራሱ ወንጀል ሆነበት። ሰውዬው የሚሠራው ያው ነው፤ ስሙ ብቻ ከሥሩ ተገለበጠ።"

ዙልፋ ሱሪውን አጣጥፋ ጨርሳ እንደገና ዘረጋችው።

"ሽቅብ የወጣም ስም አለ" አሉ ጋሽ ሙላቱ፣ ነገሩ ጥሟቸው። "ጨዋ የምትዪው ጥንት የንጉሥ ጭፍራ ነበር፤ ዘምቶ አገር ላይ የሚሰፍር ወታደር። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጨዋ የሚሉት ያልተማረውን ነው። ዛሬ ግን ጨዋ ስትዪ አመለ ሸጋ፣ የደህና ሰው ልጅ ነው። አሁን ያቺ የግራናዋ ልጅ የምትሰፋውን ጥበብ ብለሽ ትጠሪዋለሽ፤ ሁሉ ይሽቀዳደምበታል። ጥበብና ጠይብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱን በአንገታችን እናስራለን፣ ሌላውን ከደጃችን እናባርራለን።"

ሲወጡ ዙልፋ ሂሳቡን አልቀበልም አለቻቸው። ለምን እንደሆነ አልገባቸውም።

ነኢማ ቤት ግን ሌላ ነገር ሆኗል። አባቷ ሞላ ወሬውን ሰምቶ ከግራና በቁጣ መጣ። "ወጥተሽ ለሰው ንገሪ! የአባቴ ስም ዓረብኛ ነው በይ። እኛ ጠይብ አይደለንም በይ!" አላት። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ አንድ ሼህ ጠርቶ ማስመስከር ይበቃል። ነኢማ አፏን ልትከፍት ስትል ጥለቱን ይዛ ጥግ የተቀመጠችው ረሂማ አንገቷን ደፋች። የረሂማ እናት ግራና አጠገብ ማሰሮ ትሠራለች። እናቷም፣ የእናቷም እናት እንዲሁ።

"አይደለንም ካልኩ" አለች ነኢማ ቀስ ብላ፣ "እሷን ነው የምሰድበው አባዬ።"

በሳምንቱ ቤቷ ላይ ታፔላ ወጣ። በትልቁ "ጠይብ" ይላል፤ ከሥሩ አነስ ባለ ጽሕፈት "የጥበብ ልብስ ስፌት"። መርሳ አፏን ያዘች። ለሁለት ወር የነኢማ ቤት ጭር ብሎ ከረመ፤ ዙልፋም አንዳንድ ቀን ደስ አላት፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እዚያ በር ላይ ሰው እንዲገባ ተመኘች። ከዚያ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለምርቃታቸው ልብስ ፍለጋ መጡ። አንደኛዋ ታፔላው ሥር ቆማ፣ ቀሚሷን እያሽከረከረች ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። "ይሄንን ጠይብ ነው ያለበሰኝ" አለች። በሁለተኛው ሳምንት በሐራና በወልድያ ልጃገረዶች "ጠይብ ልበሺ" መባባል ጀመሩ። ነኢማ ቃሉን በክር ጽፋ በየቀሚሱ ውስጥ ሰፋችው። የቤተልሔም ታናሽ እህት ሳትቀር መጣች፤ ለዚያውም ከእናቷ ከወይዘሮ አለሚቱ ጋር።

ዙልፋ ይህን ሁሉ ከወንበሯ ሆና አየች። ድንጋይ ወርውራ ነበር፤ ልጅቷ አንሥታ ቤት ሠራችበት። ከሁሉ ያቃጠላት ይኸ ነው። እኔ ባልናገር ኖሮ እኮ ይህ ስም አይኖራትም ነበር ብላ ታስብና፣ በዚህ ሐሳብ መኩራራት ሲቃጣት ታፍራለች።

አንድ ቀን ከዙሁር ሰላት በኋላ ተነሥታ ሦስተኛው በር ገባች። ነኢማና ረሂማ ብቻ ነበሩ።

"አሰላሙ አለይኩም። ነኢማ፣ ያን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ።"

ነኢማ መቀሷን አላስቀመጠችም። "አውቃለሁ እትዬ። ያን ወረቀት ግድግዳ ላይ ከመስቀሌ በፊት ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። እዚህም ከልብሶቹ ኋላ ነው የሰቀልኩት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ምን ልበልዎት? ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ራስዎ እስኪመጡ ጠበቅኩ።" ከዚያም "የእኔስ ስም ነው፤ መልካም ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ይቅርታውን ለእሷ ይበሉ" ብላ ወደ ረሂማ ጠቆመች።

ዙልፋ ዞረች። በሃያ ሁለት ዓመት የግራና ሸክላ ሠሪዎች ያመጡላትን ጨርቅ ሰፍታለች፤ አንዷንም ግን ተቀመጪ ብላ አታውቅም።

"ረሂማ ልጄ፣ ቀንቼ ነው" አለች። "ነኢማን ልወጋ ብዬ የእናንተን ስም ቢላዋ አደረግሁት። አውፍ በይኝ።"

ረሂማ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቀና አለች። "አውፍ ብያለሁ እትዬ። ግን ተማሪዎቹ ቃሉን ወደዱት እንጂ እናቴን ገና አልወደዷትም። ገበያ ስትመጣ አሁንም ልጆቻቸውን ይሸፍኑባታል። ሲመችዎት እሷንም ሰላም ይበሏት።"

በቀጣዩ የገበያ ቀን ዙልፋ ማሰሮ ወደሚሸጥበት ሄደች። የረሂማን እናት ሰላም አለች፤ ጎንበስ ብላ ሦስቴ ሳመቻት። ሽንኩርት ሻጯ አየች፣ ሌሎቹም አዩ። ዙልፋም ወደ ሻጯ ሄዳ፣ የነኢማ አያት ስም ምን ማለት እንደሆነና እሷ ለምን እንዲያ እንደተናገረች ቁጭ አድርጋ ነገረቻት። ሻጯ የትኛውን እንዳመነች አይታወቅም።

ቅናቱ ለቀቃት ማለት አይቻልም። አሁንም ባጃጅ ሲቆም ወንበሯን ታስተካክላለች። ባለፈው ሳምንት ሁለት የወልድያ ልጆች ወርደው "እትዬ፣ የጠይቦቹ ቤት የቱ ነው?" አሏት። ዙልፋ በአገጯ አልጠቆመችም፤ መኪናዋን አቁማ ተነሣችና እስከ በሩ ድረስ አደረሰቻቸው።